ንግግር ለምታቀርቡ አባላት፦ አስተርጓሚዋን ግሥ አታስጠብቋት

ውድ አባላት፣

በጅማው ጉባኤ ስለ ቡና አደራረቅ የምትናገሩ ሁሉ፣ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ወደ እንግሊዝኛ የምታስተረጉመው ባለሙያ የምትናገረው ከእናንተ ጥቂት ቃላት ብቻ ወደ ኋላ ቀርታ ነው። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እንግሊዝኛው ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ይፈልገዋል።

ከአንድ አባል ጽሑፍ ይህን አገኘሁ፦ «በዝናብ ተለቅሞ አልጋ ላይ ሳይገላበጥ የቆየ እሸት ቡና ሽታው ተለውጦ ዋጋው ስለሚወድቅ ወደ መጋዘን እንዲገባ አንፈቅድም።» «አንፈቅድም» እስኪሰማ ድረስ ይፈቀድ ይከልከል አይታወቅም። አስተርጓሚዋ ሁሉንም በጭንቅላቷ ተሸክማ ትጠብቃለች፤ እስከዚያ እናንተ ቀጣዩን ጀምራችኋል። እንዲህ ቆረጥነው፦ «በዝናብ የተለቀመ ቡና አልጋ ላይ መገላበጥ አለበት። ካልተገላበጠ ሽታው ይለወጣል። ዋጋውም ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ወደ መጋዘን አናስገባም።» በየአራት ነጥቡ አንድ ትንፋሽ ውሰዱ። ደራሲው መጀመሪያ «የሕፃን ንባብ አስመሰላችሁት» ብሎ ቅር ብሎት ነበር፤ ጮክ ብሎ ሲያነበው ግን ተስማማ።

ቁጥር ሌላው ወጥመድ ነው። «40 ፈረሱላ» ብላችሁ ካለፋችሁ በ17 የማባዛቱ ሥራ በእሷ ላይ ይወድቃል፤ «680 ኪሎ» ብላችሁ ጻፉት። «ጥቅምት 2010» ካላችሁም በፈረንጆቹ 2017 መሆኑን ጨምሩ።

የ20 ደቂቃ ሰዓት ላላችሁ፣ በቤት ንባብ ከ15 ደቂቃ የሚያልፈውን ቀንሱ። ጽሑፉ ከጉባኤው ሦስት ቀን ቀድሞ ይድረሰኝ፤ ለአስተርጓሚዋ የማስተላልፈው እኔ ነኝ።