የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከስክሪንሾት ላይ ፎንት መለየት

ክበባችን በዚህ ዓመትም እንደተለመደው የአማርኛ ታይፒንግ ልምምድ አካሂዷል፤ የላቦራቶሪውን ኮምፒውተሮች አጽድቷል፤ ለመምህራን የፈተና ወረቀት በመጻፍም አግዟል። እነዚህ በየዓመቱ የሚሠሩ ስለሆኑ ብዙ አልልባቸውም። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አባላቱን ለሳምንታት ያከራከረውን አንድ ሥራ ግን በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ።

ሥራው የመጣው ከምክትል ርዕሰ መምህራችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወላጆች ቀን የተዘጋጀ አንድ ፍላየር ነበር። ፋይሉ ከተሠራበት አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ጠፍቶ የቀረው አንዲት ወላጅ ስልክ ላይ የተገኘ ስክሪንሾት ብቻ ነው። «ቀኑና ቦታው ብቻ ይቀየር፤ ሌላው እንዳለ ይሁን» አሉን። ነገሩ ቀላል ይመስላል። አሮጌውን ቀን አጥፍቶ አዲሱን በሌላ ፎንት የጻፈ ሰው ግን ፍላየሩን የተጣፈ ልብስ ያስመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎንቱን ማወቅ ነበረብን።

ተማሪዎቹ ወዲያው ምስሉን ማጉላት ጀመሩ። ማጉላት የሌለውን ዝርዝር አይፈጥርም፤ የደበዘዘ ጠርዝ ቢጎላም ያው ድብዝዝ ነው። ስለዚህ ወላጇን ፍላየሩ በመጀመሪያ የተለቀቀበትን የቴሌግራም ግሩፕ ፈልገው ፎቶውን ራሱን በፋይል መልክ እንዲልኩልን ለመንናቸው። የርዕሱ ፊደሎች ጠርዝ ጥርት ብሎ የታየው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ያነሳነው ጥያቄ ጽሑፉ በእርግጥ ፎንት ነው ወይስ በእጅ የተሣለ የሚል ነበር። በከተማችን በድሬዳዋ የሱቅና የሠርግ ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም ስለሚያጋጥም ይህን ሳያጣሩ ፎንት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ርዕሱ «የወላጆች ቀን የጥሪ ወረቀት» ይላል። «የ»፣ «ወ» እና «ቀ» ሁለት ሁለት ጊዜ ይገኛሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እነዚህን ፊደሎች ቆርጣ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የሰው እጅ አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ ሲጽፍ ትንሽ ልዩነት አያጣውም፤ ፎንት ግን ያንኑ ቅርጽ ይደግመዋል። የእኛዎቹ እግራቸውም አንገታቸውም አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ፎንት ነው።

የቱ ፎንት እንደሆነ ለማወቅ የረዳን ያልጠበቅነው ቦታ ነው። ፍላየሩ እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ማስታወቂያዎች ከአማርኛው ሥር የአፋን ኦሮሞና የሶማልኛ መስመሮች አሉት፤ ሁለቱም የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ምስል ተቀብሎ የፎንት ስም የሚናገረው WhatTheFont የተባለው ድረ ገጽ ለአማርኛው መስመር ያቀረበልን የማይመስሉ የላቲን ፎንቶችን ነበር፤ ለላቲኑ መስመር ግን Times New Roman አለን። አይተን አረጋገጥን፤ ልክ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። Times New Roman ውስጥ የአማርኛ ፊደል የለም። አንድ ሰው ይህን ፎንት መርጦ አማርኛ ሲጽፍ ዊንዶውስ ሳይጠይቀው ከሌላ ፎንት ፊደል አምጥቶ ይተካለታል። እንግዲህ ፍላየሩን የሠራው ሰው የአማርኛ ፎንት ጭራሽ ሳይመርጥ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ የመረጠለት ኮምፒውተሩ ነው። ይህ ከሆነ በመቶ ከሚቆጠሩት የአማርኛ ፎንቶች ውስጥ መጀመሪያ መፈተሽ ያለባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡት ኒያላና ኤብሪማ።

ሁለቱን ለመለየት ረጅም ልምድ አያስፈልግም፤ የጭረቱን ውፍረት ማየት ይበቃል። ኤብሪማ ላይ ቁመቱም አግድሙም ከሞላ ጎደል እኩል ይወፍራል። ኒያላ ግን በብዕር የተጻፈ ይመስላል፤ አንዱ ጭረት ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል። የፍላየራችን «ወ» እና «ቀ» የኋለኛውን ይመስላሉ። ኒያላ ነው ብለን ተስማማን።

ግን በላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች የፎንት ዝርዝር ውስጥ Nyala የሚል ስም ጠፋ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር። በዊንዶውስ 10 ግን በተጨማሪነት የሚወርድ ሆነና የአማርኛው ቦታ ለኤብሪማ ተሰጠ። ስለዚህ በአሮጌ ኮምፒውተር የተሠራ ጽሑፍ በአዲሱ ላይ ሲከፈት አንድ ቃል ሳይነካ መልኩ ይለወጣል። የጠፋው ፋይል ቢገኝ እንኳ የእኛ ማሽን ላይ ሌላ መልክ ይዞ ነበር የሚከፈተው። መፍትሔው አጭር ነው። ኢንተርኔት ባለበት Settings ውስጥ ገብቶ በ Optional features ሥር Ethiopic Supplemental Fonts የሚለውን መጨመር ነው።

ፎንቱ ተገኘ ማለት ግን ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ማረጋገጫውን የሠራነው በፓወርፖይንት ነው። ምስሉን ስላይዱ ላይ አስቀምጠን፣ ያንኑ ርዕስ በኒያላ በቀይ ቀለም ጽፈን ከላዩ ጫንነው፤ የመጀመሪያው «የ» ቁመት እኩል እስኪሆን መጠኑን አስተካከልን። ከዚያ የሚታየው የመስመሩ መጨረሻ ነው። የመጨረሻው «ት» ከምስሉ «ት» ላይ ካረፈ ፎንቱም ክፍተቱም ልክ ነው። ፊደሎቹ ራሳቸው ገጥመው ርቀቱ ብቻ እያደር ከሰፋ የፊደሎቹ ክፍተት ተለውጧል ማለት ነው። ፊደሎቹ ራሳቸው ሰፍተው ወይም ጠብበው ከታዩ ደግሞ ወይ ጽሑፉ ተለጥጧል ወይ ፎንቱ ሌላ ነው።

የእኛው መስመር መጨረሻ ላይ ገጠመ፤ ነገር ግን በቀዩ ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ ይታይ ነበር። የፍላየሩ ጽሑፍ ከእኛው ይወፍራል። ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ለብቻው የተሠራ ቦልድ የለውም። የ B ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ ራሱ ዙሪያውን ያወፍረዋል፤ ቀጭኑ ጭረትም አብሮ ይደልባል፤ የ«ቀ» ቀዳዳም ይጠብባል። የፍላየሩ «ቀ» ልክ እንደዚያ ነበር። B ን ስንጫን ጥቁሩ ጠርዝ ጠፋ።

አዲሱን ቀን ስንጽፍ አንድ ወጥመድ ቀርቶ ነበር። ጽሑፉን በሙሉ ኒያላ ካደረግነው ቁጥሮቹም የኒያላን ቅርጽ ይይዛሉ፤ በፍላየሩ ላይ ግን ቁጥሮቹ የ Times New Roman ናቸው። ስለዚህ የወሩን ስም በኒያላ፣ ቀኑንና ዓመተ ምህረቱን በ Times New Roman ጻፍን። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ከአሮጌው የሰዓት መስመር ጎን ሲቀመጥ ግን ዓይን ይይዘዋል።

ሥራውን ከዚራ ሰፈር ውስጥ ወደሚገኝ ማተሚያ ቤት የላክነው በ PDF ነው፤ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ስለሚሄድ የእነርሱ ኮምፒውተር ኒያላ ባይኖረውም ፊደሉ አይለወጥም።

ይህን ያዩ የስፖርት መምህራችን የራሳቸውን አሮጌ የውድድር ማስታወቂያ አመጡልን፤ እርሱ እስካሁን አላለቀም። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። ይህ ፎንት ዩኒኮድ የተባለው የጋራ የፊደላት ኮድ ከመለመዱ በፊት እንደነበሩት ሌሎች ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ዛሬ በምንጠቀምበት ኪቦርድ ጽፈን የፎንቱን ስም ብንመርጥም ፊደላችን ቅርጹን አይቀይርም፤ አሁንም ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ያመጣል። ምልክቱም ይኸው ነው፦ የፎንት ስም ሲቀያየር ጽሑፉ ካልተንቀሳቀሰ ፎንቱ እየሠራ አይደለም። አንዱ አማራጫችን የድሮውን የመጻፊያ ፕሮግራም የሚያስኬድ ኮምፒውተር ማግኘት ነው። ቤታቸው ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ ያላቸው ወላጆች ለክበቡ ቢያውሱን በመስከረም ሥራውን እንቀጥላለን።