ፍሪጁ ከቤት ከመውጣቱ በፊት

ልጄ፣

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ ፍሪጁን ስትሸጪ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። «ለአባዬ እንዳትነግሪው» ብለሻት ነበር አሉ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናትሽ ምን ሆንክ ስትለኝ ሙቀቱ ነው አልኳት። የካቲት ላይ ድሬ ገና እንዳልጋለች እሷም ታውቃለች፣ ግን ዝም አለችኝ።

በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባ፣ እሺ አባ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ዋናውን መጀመሪያ ልበልሽ። ብሩን በራስሽ አካውንት ውስጥ በዓይንሽ ሳታዪ ዕቃ ከቤት አይወጣም። ሜሴጅ ማየት ብር ማየት አይደለም። ገዢ ነኝ ያለሽ ሰውየ የላከልሽ ስክሪንሾትም ብር አይደለም። የንግድ ባንክን አፕ ራስሽ ከፍተሽ፣ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ *889# ደውለሽ፣ ቀሪ ሒሳብሽን ታያለሽ። ከዚያ ወዲያ ነው ፍሪጁ የሚነሳው።

አሁን የሆነውን አንድ በአንድ እንየው። ፍሪጁን 24,000 ብር ብለሽ ቴሌግራም ላይ ለጠፍሽ። ሰውየው ወዲያው ጻፈልሽ። አልተከራከረም። ስንት ዓመት ሠራ፣ ፍሪዘሩ በረዶ ይይዛል ወይ፣ ድምፅ አለው ወይ ብሎ አልጠየቀም። አቦ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሐረርም ድሬም ስገዛና ስሸጥ ያገለገለ ፍሪጅ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው አላየሁም። ዕቃውን የማይጠይቅ ሰው ዕቃውን አልፈለገውም። የፈለገው አንቺን ነው።

ቀጥሎ «የአካውንትሽን ስክሪንሾት ላኪልኝ፣ ቁጥሩን እንዳልሳሳት» አለሽ። ተመስገን፣ አልላክሽም፤ ቁጥሩን ብቻ ጻፍሽለት። ያ ጥያቄ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የአፑ ገጽ ላይ ከቁጥሩ ጋር ያለሽ ብርም ሊታይ ይችላል። እሱ የሚፈልገው ያንን ነው። የባንኩ ሜሴጅ መጨረሻ ላይ Current Balance የሚል አለ አይደል? ሐሰተኛ ሜሴጅ የሚጽፍ ሰው እዚያ ላይ ይቸገራል፤ አንቺ ስንት እንዳለሽ አያውቅማ። ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ገምቶ ይጽፋል።

ያንቺው ገምቶ ነው የጻፈው። አክስትሽ ሜሴጁን ልካልኝ ወረቀት ላይ ደመርኩት። ያን ቀን ጠዋት 13,412 ብር ከ30 ሳንቲም ነበረሽ። 34,000 ገቢ ሆኗል ይላል። ስለዚህ ቀሪው 47,412 ከ30 መሆን ነበረበት። ሜሴጁ ግን 41,260 ከ55 ይላል። ከዚያ ላይ 34,000 ቀንሺ፤ 7,260 ከ55 ይቀራል። ያ ያንቺ ብር አይደለም፣ የማንም ብር አይደለም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሒሳብ ነው። ደሞም የመጣው ሁልጊዜ የባንኩ ሜሴጆች ከሚደረደሩበት ቦታ አልነበረም፤ በ09 ከሚጀምር ቁጥር ነው። ግን እሱን ብቻ አትመኚ። የላኪውን ስም ማስመሰል የሚችሉ አሉ። ሒሳቡም ቢገጥም፣ ስሙም ቢገጥም፣ ቀሪ ሒሳብሽን አፑ ላይ እዪ።

ስክሪንሾቱንም አይቼዋለሁ። ቀኑ ረቡዕ፣ ስምሽም በትክክል ተጽፏል። የማጣቀሻ ቁጥሩ ግን FT24318 ብሎ ነው የሚጀምረው። የንግድ ባንክ ማጣቀሻ ከFT ቀጥሎ የፈረንጁን ዓመት ሁለት አሃዝ ይይዛል፣ ከዚያ ደግሞ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ በሦስት አሃዝ። 24318 ማለት የ2024 ሦስት መቶ አሥራ ስምንተኛ ቀን ነው፤ በእኛ ኅዳር 4። ረቡዕ የካቲት 5 የተላከ ቢሆን FT25043 ይል ነበር። ሰውየው የድሮ ደረሰኝ አንስቶ ስሙን፣ ቀኑንና ብሩን ቀይሮበታል፤ ቁጥሩን ረሳው። ሌላ ጊዜ የሚመጣው ላይረሳው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲሳሳት ውሸት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ሲገጥም ግን እውነት ነው ማለት አይደለም። ቀሪ ሒሳብሽን እዪ። ሰለቸኝ እንዳትይኝ፣ ገና እደግመዋለሁ።

አሁን ወደ 10,000ው። በ24,000 ፋንታ 34,000 «በስህተት» ላከ። ወዲያው ደወለ። «እህቴ፣ የቤት ኪራይ ነው፣ በአላህ በሥላሴ፣ አሥሩን ሺህ በዚህ ቴሌብር መልሺልኝ፣ የጭነት ባጃጁ በር ላይ ቆሟል።» አየሽ፣ ያ ትርፍ የተጨመረው እንዲሁ አይደለም። የሰው ብር እጅሽ ገባ ሲሉሽ ጭንቀትሽ ሁሉ መመለሱ ላይ ይሆናል። 24,000ው ራሱ መግባት አለመግባቱን መጠየቅ ትረሻለሽ። አንቺ ደግሞ የሰው ብር እጅሽ ላይ ሲያድር የምታለቅሺ ልጅ ነሽ፤ ያሳደግንሽ እኛው ነን። እሱ ግን አንድ ብር አልላከም። ፍሪጁንም ይወስዳል፣ ያንቺንም 10,000 ይወስዳል። ሦስት ሺህ ምናምን ይዘሽ ባዶ ቤት ትቀሪ ነበር።

ኔትወርክ እንቢ ብሎሽ ነው የተረፍሽው። ቴሌብሩ አልሄድ ሲል አጎትሽ ፍሪጁን ሊያነሳ ገብቶ «እስቲ ባላንስሽን እዪ» አለሽ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ልጄ፣ ይህን ታሪክ በደንብ የማውቀው በእኔም ስለደረሰ ነው። ነግሬሽ አላውቅም። ለእናትሽም ሙሉውን አልነገርኳትም።

ሳሎን ያለው ፎቶ ላይ አያትሽ አጠገቡ የተቀመጠችበትን ሲንጀር ታውቂዋለሽ። ተሰብሮ ተጣለ ያልኩሽ ውሸት ነው። በ1991 ዓይኗ ሲደክም «ሽጠውና ጣራውን አስጠግን» ብላ ሰጠችኝ። 1,500 ብር ተስማማሁ። ገዢው ቅዳሜ ከሰዓት መጣ፣ ባንክ ከተዘጋ በኋላ። ማህተም ያለው የባንክ ማስገቢያ ወረቀት አሳየኝ፤ 1,900 ይላል። «አራት መቶ አብልጬ አስገብቻለሁ፣ ለመኪና ስለምፈልገው በእጅ ስጠኝ» አለኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ቆጥሬ ሰጠሁት። ማሽኑን ራሴ ተሸክሜ ጋሪ ላይ ጫንኩለት። ሰኞ ደብተሬን ይዤ ባንክ ሄድኩ። ልጅቷ ሁለቴ ፈልጋ «ጋሼ፣ ምንም አልገባም» አለችኝ።

ስልክ ያኔ በእጅ አልነበረም፣ ቴሌብርም አልነበረም። ተንኮሉ ግን ያው ነው። ወረቀት ያሳይሻል፣ ትርፍ ይጨምርበታል፣ ያስቸኩልሻል።

የሚቆረቁረኝ ግን ማሽኑ አይደለም። አፈርኩና ዝም አልኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ለጎረቤት አልተነፈስኩም፤ ለእናቴ ተበድሬ ጣራውን አስጠገንኩላትና ጉዳዩን ቀበርኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰው፣ በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ ከኛ ሦስት ቤት አልፎ የምትኖር የሙት ልጆች እናት ቤት ገባ። ባሏ የተወላትን ቴፕና ቴሌቪዥን ይዞባት ሄደ። እሪ ስትል ሰምቼ ወጣሁ። መልኩን ስትናገር ጉልበቴ ከዳኝ። ሰኞ ከባንክ ስመለስ አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ያች ሴት በሯን አትከፍትለትም ነበር። እስከ ዛሬ ለልጆቿ አልነገርኩም። ትልቁን ልጅ ሳቢያን አካባቢ ሳገኘው ሰላም ይለኛል፣ እኔ ቀና ብዬ አላየውም።

ስለዚህ አንቺ አትፈሪ። ዛሬውኑ የለጠፍሽበት ግሩፕ ላይ ጻፊው። የደወለበትን ቁጥር፣ ሜሴጁንና ስክሪንሾቱን አውጪ። ያንቺን ስምና የአካውንት ቁጥር ግን ሸፍኚ። ሊበላኝ ነበር ማለት አያሳፍርም። ፖሊስም ጋ ሄደሽ ቁጥሩን አስመዝግቢ፤ አጎትሽ አብሮሽ ይሂድ።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንዴ ትርፉ ብር የእውነት ሊገባ ይችላል። ያኔም ቢሆን በራስሽ እጅ እንዳትመልሺ። ብሩ ከሌላ ከተበላ ሰው የመጣ ሊሆን ይችላል። አንቺ ደግሞ በሦስተኛ ሰው ቴሌብር ስታሳልፊው በመንገዱ ላይ አለሽበት፤ ነገ የሚጠየቀው ያንቺ አካውንት ነው። «ከባንክህ ጋር ተነጋገር» በዪው። አንቺም ቅርንጫፍሽ ሄደሽ አሳውቂ፤ ብሩ በባንኩ በኩል ወደ መጣበት አካውንት ይመለስ። የእውነት የተሳሳተ ሰው በዚህ አይቆጣም። የሚሰድብሽና የሚያስፈራራሽ ከሆነ መልሱን አገኘሽ።

«ከሌላ ባንክ ስለላክሁ ነገ ነው የሚገባው» የሚልም ይመጣል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ የሚዘገይ አለ። እሺ፣ ፍሪጁም ነገ ይወጣል በዪው። ባጃጁ ቆሟል ካለሽ ይቁም። ብሩ በራስሽ አካውንት ውስጥ ሳይታይ ዕቃ አይወጣም።

አንድ ቀን ደግሞ ቸኩለሽ ብር ብትልኪ፣ ለማልቀስ ጊዜ እንዳታጠፊ። የተላከው ከንግድ ባንክ ከሆነ ወዲያው 951 ደውዪ። ብሩ ካልወጣ ሊያዝ ይችላል፣ ከወጣ ግን ያስቸግራል። ከዚያ ለኔ ደውዪ። ሌሊትም ቢሆን። ለአክስትሽ ሳይሆን ለኔ። አልጮህብሽም፣ ቃሌ ነው።

ለብቻሽ ገዢ ቤት እንዳታስገቢ። የሚቀጥለው ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሐረር አራተኛ ሰፈር እደርሳለሁ። እውነተኛ ገዢ ካገኘሽ ያን ቀን ይምጣ፣ ፍሪጁን ሰክቶ ይሞክረው፣ ይከራከርሽ፣ ብሩን ፊትሽ ይላክ። ሙከራው ሲያልቅ ንቀዪው፤ በረዶው ቀልጦ ውሃው ወለል ላይ እንዳይፈስ ሥሩ ጨርቅ አንጥፊ፣ በሩንም ገርበብ አድርጊው፣ አለበለዚያ ይሸታል። እናትሽ ቋንጣ እያዘጋጀች ነው። ባዶ ዕቃዎቿን መልሺ ብላለች፤ ክዳናቸውን እንዳትረሺ።

አባትሽ