የቅጥር ቪዲዮው የሙሌት ቀንን ያሳይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አዲስ አበባ ውስጥ በሕንፃ ሥራ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ፎርማን ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ጀማሪ ሠራተኞችን ለመቅጠር ቪዲዮ ሊሠራ ስለሆነ ጽሑፉን እንዳየው ሰጠኝ። ጽሑፉ ከሰማይ በተቀረጸ ሕንፃ ይጀምርና ንጹሕ ሄልሜት ባደረገ ልጅ ፈገግታ አልፎ «ማራኪ ደመወዝ» በሚል ቃል ያልቃል። እንዲህ ዓይነቱን አይቶ የመጣ ልጅ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጥሎ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሚጠብቀውን የነገረው ስለሌለ ነው።

እኔ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ በሚሞላበት ቀን ይጀመር ብያለሁ። የሶሌታ ሙሌት በተገኘበት ቦታ አይቆምም። የፈሰሰው ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ አዲስ ቢደረብበት ሁለቱ በደንብ አይያያዙም፤ በመገጣጠሚያው በኩልም ውሃ ይገባል። ስለዚህ ሚክሰር ተበላሽቶ ሦስት ሰዓት ቢባክን፣ ያ ሦስት ሰዓት የሚካካሰው ማታ ነው። ካሜራው ባሬላ የሚሸከሙትን ሁለት ሰዎች ከታች እስከ ላይ ይከተል፤ ቦቲ ውስጥ የገባ እርጥብ ሲሚንቶ እግር እንደሚያቃጥልም የተቃጠለ ሰው ራሱ ይናገር።

ስለ ክፍያ «ማራኪ» የሚለው ቃል ይውጣና ሒሳቡ ይግባ። ለምሳሌ የወር ደመወዝ 9,000 ብር ነው እንበል። በአሁኑ የግብር ሕግ የሥራ ግብሩ 1,400 ብር፣ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 630 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 6,970 ብር ይሆናል። ልጁ የቤት ኪራይ የሚያስበው በ9,000 ከሆነ፣ መጀመሪያ ደመወዝ በተቀበለበት ቀን ከእኛ ጋር ይጣላል።

የሙሌቱ ማታም ይቆጠር። 9,000 ብር በወር 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ 43 ብር ከ27 ሳንቲም ነው። አዋጅ 1156/2011 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈል ስለሚል፣ ሦስት ሰዓት ያመሸ ሰው ከግብር በፊት 195 ብር ገደማ ያገኛል። ይህ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ይታይ። በቀን ለሚከፈለው ሠራተኛም ዝናብ ሥራ ሲያስቆም ገንዘቡ ይሰጠው አይሰጠው በግልጽ ይነገር፤ ክረምት ላይ ጠብ የሚያስነሣው ይኸው ነው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «እንዲህ ከተነገረ ማን ይመጣል?» ይላሉ። በእርግጥ የሚመዘገበው ያንሳል። እኔን የሚከብደኝ ግን ፌሮ ማሰር ያስተማርኩት ልጅ ልክ እጁ ሲፈታ ሲሄድና ሌላውን ከሀ ብዬ ስጀምር ነው።

የሚቀጥለው ሶሌታችን ቅዳሜ ይሞላል። ካሜራ ይዘው የሚመጡት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳይቱ ይድረሱ፤ እስከ መጨረሻውም ይቆዩ ብያለሁ።

አንድ ፎርማን፣ ከአዲስ አበባ