ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር እና ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ ተማሪዎቻችን ስለሚሠሩት ስሌት

ክቡራን ሆይ፣

በደቡብ ወሎ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ለሁለታችሁም በአንድነት የምጽፈው፣ ተማሪዎቻችን ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ትምህርታቸውን የሚያቋርጡበት ምክንያት ከፊሉ በአንዳችሁ፣ ከፊሉ በሌላችሁ እጅ ስላለ ነው። ስለ ስደት አስከፊነት በጠዋት ሰልፍ ላይ ደጋግመን እንነግራቸዋለን። ያዳምጡናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይሄዳሉ። የሚሄዱት ትምህርትን ንቀው ሳይሆን አስልተው ስለሆነ፣ ስሌታቸውን እነሱ እንደሚሠሩት አድርጌ ላቅርበው።

17 ዓመት የሞላት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከፊቷ ሁለት የሁለተኛ ደረጃና ቢያንስ አራት የዩኒቨርሲቲ ዓመታት አሉባት። ይህ ሁሉ ተሳክቶላት መንግሥት ቢቀጥራት፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ መሠረት ለጀማሪ ባለ ዲግሪ የሚከፈለው 11,500 ብር ነው። በሌላ በኩል በ2015 ዓ.ም. ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሚሄዱ የቤት ሠራተኞች በመንግሥት ማስታወቂያ የተነገረው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነበር። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ስለሆነ ይህ 267 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ዶላሩ በ140 ብር ቢታሰብ ደግሞ ከ37,000 ብር ያልፋል። ዲግሪው ከሚያስገኘው ከሦስት እጥፍ የሚበልጠውን ይህን ገንዘብ ለማግኘት ስድስት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። «ተሳክቶላት» ያልኩትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃን ለማስቀረት የተወሰደውን እርምጃ ከልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም ተማሪዎቼ እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ «ቲቸር፣ እኛ ከየትኞቹ ነን?» ብለው ሲጠይቁኝም እውነቱን ከመናገር ሌላ መልስ የለኝም።

ከደመወዙ ልዩነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያ 1,000 ሪያል 6ኛ ክፍል ላይ ላቋረጠችውም፣ 12ኛን ላጠናቀቀችውም አንድ ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ለውጭ አገር ሥራ 8ኛ ክፍልን ማጠናቀቅ መስፈርት አድርጎ ነበር፤ ከ8ኛ በላይ ያለውን ትምህርት ግን በምንም አላበለጠውም። ስለዚህ ለመሄድ ላሰበች ልጅ 9ኛና 10ኛ ክፍል የሚያመልጥ ገቢ እንጂ የሚጨመር ዋጋ አይደሉም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ በመሐል የወጣ ተማሪ ይዞት የሚወጣው ብሔራዊ ማስረጃ የለውም።

ስሌቱ ጎዶሎ መሆኑን አውቃለሁ። ደመወዟን ተከልክላ የተመለሰችው፣ ሕጉ የቪዛና የቲኬት ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሎ ሳለ ቤተሰቧ ለደላላ የተበደረው ገንዘብ፣ 18 ዓመት ሳይሞላት በቀበሌ መታወቂያ ላይ ዕድሜዋ የተጨመረላት፣ እነዚህ ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ አይገቡም፤ የከሰረው ዝም ይላል፣ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ግን ከመንገድ ይታያል። እኅት በላከችው ገንዘብ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛለት ተማሪም ትምህርቱን ያገኘው በስደት መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ስደትን እንዲጠላ ብንመክረው አይሰማንም።

የሚሄዱትን አስቀድመን መለየት እንችላለን። መጀመሪያ ለፓስፖርት ወደ ደሴ ሲመላለሱ ይቀራሉ፤ ቀጥሎ የቤት ሥራ ማስረከብ ያቆማሉ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ተማሪ መሸኛ ይጠይቃል፤ ለስደት የሚወጣው ግን አይጠይቅም። እኛም በስሙ አንጻር «አቋረጠ» ብለን እንዘጋዋለን፤ ያገባችውም፣ የታመመውም፣ ጅዳ የገባችውም በዚያው ቃል ስለሚመዘገቡ የችግሩ መጠን ወደ እናንተ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር የማቋረጥ ምክንያት በጾታ፣ በክፍልና በወር ተለይቶ እንዲመዘገብ፣ ስደትም ራሱን የቻለ ምድብ እንዲሆን፣ 10ኛን ለሚያጠናቅቁም የታወቀ ማስረጃ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። ከስደት የተመለሱት በማታው መርሐ ግብር ካቆሙበት ክፍል የሚቀጥሉበት መንገድም ይከፈትላቸው፤ ዛሬ 22 ዓመት ሆኗት የተመለሰች ልጅ ከ15 ዓመት ልጆች ጋር እንድትቀመጥ ነው የምንነግራት።

ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ከተቀባይ አገሮች ጋር በሚደረጉ ስምምነቶች 12ኛን አጠናቅቀው በቴክኒክና ሙያ ለሠለጠኑ፣ ለምሳሌ በሕሙማን እንክብካቤ ወይም በኤሌክትሪክ ሥራ፣ የተለየ የሥራ መደብና ከፍ ያለ መነሻ ደመወዝ እንዲደራደርላቸው ነው። ይህ ሲሆን ለመሄድ የወሰነችው ልጅ እንኳ ሁለት ዓመት ለመቆየት የምትቆጥረው ምክንያት ይኖራታል። ድርድሩ ጊዜ እንደሚወስድ እገነዘባለሁ፤ የመዝገቡ ጉዳይ ግን አንድ ቅጽ ከመለወጥ ያለፈ ስላልሆነ ከመጪው የትምህርት ዘመን ምዝገባ በፊት ሊደርሰን ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ ደቡብ ወሎ