የጤና ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ ስትሪፕ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ስራ ላይ ነው የቆየው፣ የመድሀኒት ማሸጊያ ፎቶ እያነሱ ማየት። ልጆቹ ከየኮንዶሚኒየሙ ያለቀ ስትሪፕ፣ ባዶ ፓኬት፣ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ፣ ሀሙስ ሀሙስ ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪ ቁጭ ብለን ፎቶ እናነሳለን፣ ከዛ ፎቶውን ብቻ እያየን ፓኬቱና ውስጡ ያለው ላይ የተጻፈው ይዛመድ እንደሆነ ፎርም እንሞላለን። ፎርሙ ላይ ያሉት መልሶች ሶስት ነበሩ፦ ይዛመዳል፣ አይዛመድም፣ አይነበብም። "ፎርጅድ ነው" የሚል ቦታ የለውም። መጀመሪያ ላይ ግን እንደዛ አልነበረም፣ እንዴት እንደመጣ ልናገር።

ጥቅምት መጨረሻ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የአያቷን የግፊት መድሀኒት ፎቶ አንስታ አመጣች። ፓኬቱ ላይ የባች ቁጥሩ፣ ማለትም ፋብሪካው አንድ ላይ ላመረተው መድሀኒት የሚሰጠው ቁጥር፣ B2108 ይላል፣ ስትሪፑ ጠርዝ ላይ ደሞ 82108። እኔም አየሁት፣ እውነትም 8 ነው የሚመስለው፣ "አይመሳሰልም እኮ" አልኩ፣ ልጅቷ ቤት ሄዳ ለአያቷ "መድሀኒቱ ፎርጅድ ነው" አለች። በአራተኛው ቀን እናቷ ትምህርት ቤት መጡ። "መምህር፣ እማዬ ክኒኗን አልውጥም ብላ ሶስት ቀን ሆናት፣ ዛሬ ስናስለካት ግፊቷ ወጥቷል" አሉኝ። እስካሁን ያን ቀን ሳስበው ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ልጅቷ ያለችው እኔ ካልኩት የመጣ ነው።

ስትሪፑን እንዲያመጡልን ለምነን እንደገና አነሳነው። ነገሩ ይሄ ነው፣ እዛ ስትሪፕ ላይ ቁጥሩ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን ፎይሉ ላይ ተጭኖ የተቀረጸ ነው፣ ብዙ ስትሪፕ እንደዛ ነው። የተቀረጸ ነገር የሚነበበው በጥላው ነው፣ የስልኩ ፍላሽ ከፊት ለፊት ሲበራበት ጥላው ይጠፋል ፎይሉም እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። አሁን የምናደርገው ስትሪፑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንዱ ልጅ ፍላሽ አጥፍቶ ቀጥ ብሎ ከላይ ያነሳል፣ ሌላው የስልኩን ባትሪ መብራት ከጎን ጠረጴዛውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ። እንደዛ ሲሆን የፊደሉ ግራ በኩል ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ወጣ። 8 ቢሆን በሁለቱም በኩል ክብ ነው፣ ይሄ B ነበር። አያትየው የዛኑ ቀን መድሀኒታቸውን ቀጠሉ።

ሌላው ስህተታችን ቴሌግራም ነበር። ፎቶው እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፣ ዞም ስታደርገው 3 እና 8፣ 5 እና S፣ 0 እና O አንድ አይነት ይሆናሉ። ስለዚ አሁን ሁሉም በፋይል ነው የሚላከው። ከነሱ አንዱ እንኳን ካልለየ ደሞ ገምቶ መጻፍ የለም፣ አይነበብም ብሎ መተው ነው፣ ልጆቹ በጣም የሚከብዳቸው ይሄ ነው።

ፎይሉ ላይ ስላለው ጽሁፍም ብዙ ተከራክረናል። አንዱ ልጅ የመድሀኒቱ ስም ጠርዝ ላይ ግማሹ ተቆርጦ አይቶ ይሄ ስህተት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። አይደለም፣ ፎይሉ ብዙ ጊዜ ስሙ እየተደጋገመ የታተመበት ጥቅል ነው፣ ማሽኑ ከክኒኖቹ ጋር አጣብቆ የሚቆርጠው ጽሁፉ የት እንደደረሰ ሳያይ ነው፣ ስለዚ ስሙ መሀሉ ላይ ቢቆረጥ ምንም ማለት አይደለም። ፓኬቱ ላይ ያለው ባች ቁጥርና ኤክስፓየርም ከሌላው ጽሁፍ ትንሽ ጠመም ቢል ወይ ቀለሙ ቢለይ እንደዛው ነው፣ እሱ ኋላ ላይ እየታሸገ ሳለ ስለሚመታ። እኛ የምንመዘግበው የስሙ ስፔሊንግ በፓኬቱና በፎይሉ ላይ ከተለያየ፣ ሚሊግራሙ ከተለያየ፣ ቁጥሩ ከተለያየ፣ ወይ ቁጥሩ ተፍቆ ወይ በላዩ ስቲከር ተለጥፎ ከሆነ ነው።

ጥር ላይ እውነተኛ አለመዛመድ መጣ። አንድ ፓኬት ውስጥ ሁለት ስትሪፕ፣ አንዱ ከፓኬቱ ጋር አንድ ነው፣ ሌላው ባቹም ኤክስፓየሩም ሌላ ነው፣ ከጎን በመብራት አንስተንም ያው ነው። አሁን ግን ማንም "ፎርጅድ" አላለም፣ አይዛመድም ብለን ጻፍንና ቤተሰቡ የገዙበት ቦታ ወስደው እንዲጠይቁ፣ እስከዛ ድረስ ከሀኪም ወይ ከፋርማሲስት ውጪ በማንም ቃል መድሀኒቱን እንዳያቋርጡ ነገርናቸው። ፋርማሲስቷ መዝገቧን አይታ ሁለቱም ባች እሷጋ የገባ መሆኑን አገኘች፣ ከሌላ ፓኬት የተረፈ ስትሪፕ ነው እዛ የገባው። ተቃራኒውንም ለልጆቹ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሁሉም ቢዛመድ እንኳን እውነተኛ የባች ቁጥር ገልብጦ ማተም ይቻላል፣ ትክክለኛ መድሀኒትም መኪና ውስጥ ፀሀይ ሲመታው ውሎ ሊበላሽ ይችላል ማሸጊያው ምንም ሳይሆን። ውስጡ ያለውን የሚያውቀው ላብራቶሪ ነው፣ እኛ ያየነው ወረቀትና ፎይል ነው።

የፓኬቱ መክፈቻ ላይ የሚለጠፈው ማሸጊያ ስቲከር ላይ ብዙ አልሄድንም። ብዙ ፓኬት ከፋብሪካው ሲወጣም ስቲከር የለውም፣ ስለዚ አለመኖሩ ብቻውን አይመዘገብም። ካለ ግን ጠርዙን በቅርብ እናነሳለን፣ አንዱ ፓኬት ላይ ከስቲከሩ ስር የካርቶኑ ላይኛ ገጽ ተልጦ ነጩ ወጥቶ ነበር፣ የጻፍነውም ይሄንኑ ነው፣ "ተከፍቷል" አላልንም፣ ማን መቼ እንደነካው ፎቶው አይናገርም።

ኤክስፓየር ላይ ያጋጠመንን ሳልጽፍ አላልፍም። ኅዳር ላይ አንድ ልጅ EXP 05/2024 አይቶ "ቲቸር ገና ሰባት ዓመት አለው" አለኝ። የእኛ 2017 ስለሆነ እኮ ነው! በፈረንጆቹ ነው የሚጻፈው፣ 05 ደሞ ጥር ሳይሆን ሜይ ነው፣ ቀን ካልተጻፈበት እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆጠራል፣ ስለዚ ያ ስትሪፕ ግንቦት 23 ቀን 2016 ላይ አብቅቷል። ከዛ በኋላ ፎርሙ ላይ ሁለቱንም ካሌንደር ጎን ለጎን እንጽፋለን።

ትልቁ ችግራችን ግን ቁራጭ ስትሪፕ ነው። እኛ ሰፈር ስድስት ፍሬ፣ አራት ፍሬ ተቆርጦ ነው የሚሸጠው፣ ቁጥሩ ደሞ አንደኛው ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ የሚመጣልን ቁራጭ ብዙ ጊዜ ምንም የለበትም። ልጆቹ ፋርማሲስቷን ቁጥር ያለበትን በኩል ለምን አትሰጡንም ብለው ጠየቋት፣ እሷም "እሱን ከሰጠሁ እኔጋ የሚቀረው መቼ እንደሚያልፍበት በምን አውቃለሁ" አለቻቸው፣ ልክ ናት። የተስማማነው መድሀኒቱን የምትሰጥበት ትንሿ የወረቀት ፖስታ ላይ ባቹንና ኤክስፓየሩን በእስክሪብቶ እንድትጽፍ ነው፣ ከየካቲት ጀምሮ ለጠየቃት ሁሉ ትጽፋለች። እነዚህን ግን ይዛመዳል ውስጥ አላስገባናቸውም፣ ፎቶው ላይ ያለው የሰው እጅ ጽሁፍ እንጂ የፋብሪካ ቁጥር አይደለም፣ ለሱ ብለን ፎርሙ ላይ አራተኛ መልስ ጨመርን፦ በእጅ የተጻፈ።