የሠርግ ወቅት ክፍሎቻችን በጾም ዋጋ ስለመሸጣቸው የቀረበ ቅሬታ

ግንቦት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለክፍል ማስያዣ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የ2019 ዓ.ም. ወቅታዊ ዋጋ ያለ ፈቃዳችን ስለመገልበጡ

ባሕር ዳር ውስጥ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለን። የ2019 ዓ.ም. ሽያጭ ሲከፈት ሲስተማችሁ የዘንድሮውን ዋጋ እኛን ሳይጠይቅ በፈረንጅ ቀን አቆጣጠር እንዳለ ገልብጦ ለቀጣዩ ዓመት አስገብቶታል። ስህተቱን ያወቅነው ክፍል ከተያዘብን በኋላ ነው።

የበዓል ዋጋ ሁሉ በዚህ አይበላሽም። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ዘንድሮም በመጪውም ዓመት ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። የክረምቱም ጭር ያለ ጊዜ ቦታውን አይለቅም። የሚንቀሳቀሰው ፋሲካ ነው፤ ፋሲካ ሲንቀሳቀስ ዐቢይ ጾምን ይዞ ይሄዳል፤ ጾሙ ደግሞ የጥርና የየካቲት ሠርግ የሚያበቃበትን ቀን ይወስናል። ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ የሚደገሰው ሠርግ ጾሙ ሊገባ ሲል ይጣደፋል፤ ጾሙ በገባበት ሰኞ በአንድ ጊዜ ይቆማል። የኛ ዋጋም በዚያው ሰኞ በአንድ ክፍል በሌሊት ከ2,000 ብር ወደ 1,200 ብር ይወርዳል።

ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለነበር 55 ቀን ወደኋላ ሲቆጠር ጾሙ የገባው የካቲት 9፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 16 ነው። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ነው። ማለትም የሠርጉ ወቅት 20 ቀን ይረዝማል፤ ሦስት ተጨማሪ ቅዳሜና እሑድ አለው፤ ያውም ከሁሉ የሚፈለጉት የመጨረሻዎቹ። ሲስተማችሁ ግን ፌብሩዋሪ 16ን ከዘንድሮ ላይ አንስቶ እዚያው ስላስቀመጠው እነዚህ ሦስት ሳምንታት በጾም ዋጋ ለሽያጭ ቀርበዋል።

ከየካቲት 19 እስከ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ለዓርብና ለቅዳሜ ሌሊት አንድ ቤተሰብ ስድስት ክፍል ይዟል። ስድስት ክፍል በሁለት ሌሊት 12 ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ 800 ብር ሲጎድል 9,600 ብር ይሆናል። ደንበኛው አላጠፋም፤ ያየውን ዋጋ ነው የያዘው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበን አብሮ የተገለበጠው ደንብ ነው። በጾም ወቅት አንድ ሌሊትም እንሸጣለን፤ እንግዳው ሊገባ 24 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ በነፃ መሰረዝም ይቻላል፤ ክፍሉ ያለዚያም ባዶ ስለሚያድር። በሠርግ ወቅት ግን ቢያንስ ሁለት ሌሊት እንጠይቃለን፤ ግማሽ ክፍያም በቅድሚያ እንቀበላለን። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ የሚያሳርፍ ቤተሰብ ቤቱን በሙሉ ነው የሚፈልገው፤ መሃል ላይ አንድ መንገደኛ አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ከያዘ ያ ቤተሰብ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አሁን ባለው ደንብ ስድስቱን ክፍል የያዘው ቤተሰብ ሐሙስ ዕለት ቢሰርዝ አንድ ብር አናገኝም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሠርገኛ ሁሉ ማረፊያውን ይዞ ጨርሷል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል። የዘንድሮው የፋሲካ ዋጋ ከሚያዝያ 2 እስከ 5፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው የሠርግ ዋጋ ደግሞ ከሚያዝያ 11 ጀምሮ ተቀምጧል። በ2019 ዓ.ም. እስከ ሚያዝያ 23 ጾም ነው። በጾም 2,000 ብር ከፍሎ የሚያድር የለም።

ለመጀመሪያው አቤቱታችን የተሰጠን መልስ «ዋጋውን የመከታተል ኃላፊነት የማረፊያው ነው» የሚል ነበር። እኛ ያላስገባነውን ዋጋ፣ መገልበጡም ሳይነገረን፣ እንዴት እንከታተል? ስህተቱን ካወቅን በኋላ ቀኖቹን አርመናቸዋል፤ የተያዘውን ግን ያለ እናንተ ማስተካከል አንችልም።

ስለዚህ የስድስቱን ክፍል ልዩነት 9,600 ብር ድርጅቱ እንዲሸፍን፣ ካልሆነም ለዚህ ሽያጭ ኮሚሽን እንዳይቆርጥ እንጠይቃለን። ደንበኛው ቢሰርዝም ሆነ ቀን ቢቀይር ማረፊያችን በፍለጋ ዝርዝሩ ወደ ታች እንዳይወርድ በጽሑፍ ይረጋገጥልን። የዋጋ መገልበጫው በኛ አካውንት ላይ እንዲዘጋ፣ ወደፊትም ማረፊያው «ተስማምቻለሁ» ሳይል የቀጣይ ዓመት ሽያጭ እንዳይከፈት ይደረግ። ወቅትን በቋሚ ቀን ብቻ ሳይሆን ከፋሲካ በሚቆጠር ቀን ማስገባት ቢቻል ደግሞ ጥሩ ነበር፤ የፋሲካውን ቀን አንድ ጊዜ ስንሞላ የጾሙ መግቢያ 55 ቀን ወደኋላ፣ የሠርጉ ዋጋ ማብቂያም ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ላይ ራሱ ይቀመጣል። በቋሚዎቹም በዓላት ላይ ቢሆን የ2020ን ጥምቀት ተጠንቀቁ፤ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ላይ ነው የሚውለው። ሲስተሙ አሁን ባለበት ከቀጠለ የጥምቀትንም ዋጋ በአንድ ቀን ያሳስተዋል።

መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። የዋጋ ሰንጠረዡ ከመታረሙ በፊትና በኋላ የተነሳው ምስልና የቦታ ማስያዣው ማረጋገጫ ከደብዳቤው ጋር ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
የእንግዳ ማረፊያው አስተዳደር