ከታተመ ቃለ መጠይቅ ተዘጋጅቶ ስለቀረበልን የሬዲዮ ንግግር የቀረበ ቅሬታ

ባሕር ዳር

ለድምፅ ቀረጻና ለሬዲዮ ዝግጅት ስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የቀረበልን ንግግር በውሉ መሠረት ያልተሠራ ስለመሆኑና እንደገና እንዲሠራ ስለመጠየቅ

በመጽሔታችን ላይ ያሳተምነውን፣ ከአንድ የጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሠሪ አባት ጋር የተደረገ የጥያቄና መልስ ጽሑፍ ወደ 8 ደቂቃ የሬዲዮ ንግግር እንድትቀይሩልን መዋዋላችን ይታወሳል። ውሉ ሦስት ነገር ይላል፦ ጠያቂው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ አባታችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ«እኔ» ይናገራሉ፤ ያላሉት ነገር አይጨመርባቸውም። የላካችሁልንን ቅጂ ከታተመው ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን አድርገን አዳምጠነዋል። የቀረጻው ጥራት ጥሩ ነው፤ የአንባቢያችሁም ድምፅ ለጆሮ ይመቻል። ቅሬታችን ጽሑፉ በተቀየረበት መንገድ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋውን እናስቀድም። የታተመው እንዲህ ይላል።

ጥያቄ፦ እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደንገሉን አጥፍቶታል ይባላል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እሱማ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው የበረታው። እኛ ጋ ደንገሉን የገፋው እርሻው ነው። ውሃው ሲሸሽ እየተከተሉ ያርሱታል። ሥር ካጣ ደግሞ ከየት ይበቅላል?

እናንተ የቀረጻችሁት ደግሞ ይህ ነው፦ «እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደንገሉን አጥፍቶታል። እሱማ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው የበረታው። ውሃው ሲሸሽ እየተከተሉ ያርሱታል።»

ጠያቂው ከሰው ሰምቶ ያነሳው ነገር «ይባላል» ተነቅሎለት የአባታችን ምስክርነት ሆኗል። እሳቸው የተናገሩት ዋናው ዓረፍተ ነገር፣ ደንገሉን የገፋው እርሻው ነው ያሉት፣ ወጥቷል። ሰውየው ያልተቀበሉትን ነገር በራሳቸው አንደበት እንዲያጸኑት ተደርጓል ማለት ነው። ይህ ከአየር ላይ ቢውል ጎረቤቶቻቸው የሚጠይቁት እሳቸውን ነው፤ ስቱዲዮውን የሚጠይቅ የለም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ጥያቄ ሲወጣ የያዘው ሐሳብ ከመልሱ ጋር መግባት አለበት፤ አለዚያ መልሱ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ጸሐፊያችሁ ያውቃል፤ የጥያቄውን ሐሳብም ለዚሁ ብሎ አስገብቶታል። ያልጠየቀው ግን መላሹ ያንን ሐሳብ ምን አደረጉት የሚለውን ነው። ያጸኑት ከሆነ በ«እኔ» ይገባል። ያልተቀበሉት ከሆነ ከነ«ይባላል»ው ገብቶ ወዲያው መልሳቸው ይከተለዋል። ሳይነኩት ያለፉት ከሆነ ከንግግራቸው ውጭ ይሆናል። 2004 ዓ.ም. የሚለው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ አባታችን ዓመት አልጠሩም። ዓመቱ ይነገር ከተባለ ቦታው የአስተዋዋቂው መግቢያ ነው። በዚህ አካሄድ ክፍሉ እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ደንገሉን ያጠፋው እምቦጭ ነው ይባላል። እምቦጩ የበረታው በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። እኛ ጋ ደንገሉን የገፋው እርሻው ነው። ውሃው ሲሸሽ እየተከተሉ ያርሱታል። ሥር ካጣ ደግሞ ከየት ይበቅላል?»

የተቀየረው ጥቂት ነው፤ ትርጉሙ ግን ወደ ባለቤቱ ተመልሷል።

ሁለተኛው ጉድለት ጥያቄዎቹ ምንም ሳይተኩ የወጡባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለ ደንገል አደራረቅ በመጽሔቱ ላይ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ነበሩ፦ ስንት ቀን ይደርቃል፣ እርጥቡን ማሠር አይቻልም ወይ፣ ብዙ ቢደርቅስ የሚሉ። ከቅጂው የሚሰማው እንዲህ ነው፦ «ሦስት ቀን ይበቃዋል። አይ፣ እርጥቡ አይሆንም። ይከብዳል። ይሰበራላ!» መጽሔቱን ያላየ አድማጭ የሚይዘው እርጥብ ደንገል ይከብዳል፣ ይሰበራልም የሚለውን ነው። የሚሰበረው ግን ከመጠን በላይ የደረቀው ነው። ንግግሩን ሰምቶ ታንኳ ለመሥራት የሚነሳ ሰው በተገላቢጦሽ ይማራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። «እሱማ»፣ «አይ»፣ «ይሰበራላ» የሚሉት አነጋገሮች ፊት ለፊት ላለ ሰው የሚመለሱ ናቸው። ሰውየው ሲወጣ እነሱ ከቀሩ አድማጩ አንድ ሰው ተቆርጦ እንደወጣ ይሰማዋል፤ ምን ቢጠይቋቸው ነው እያለም ጆሮው ከንግግሩ ይሸሻል። የአባታችን የአነጋገር ለዛ እንዲቀር አንፈልግም። «ከየት ይበቅላል?» የሚለው ለምሳሌ ለማንም ሳይመልሱ የሚናገሩት ነውና ባለበት ይቆያል። መነካት ያለባቸው የጠያቂው ጥላ ያለባቸው ብቻ ናቸው። የተስተካከለው ክፍል ይህን ይመስላል፦ «ደንገሉ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ይበቃዋል። እርጥቡ አይሆንም፤ ይከብዳል። ብዙ ከደረቀ ደግሞ ይሰበራል።» ክፍተቱን ለማግኘት የሚረዳው ቀላል ዘዴ ቃለ መጠይቁን ላላነበበ ሰው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ሰሚው «ማን?»፣ «ምኑ?» ብሎ ያቆመበት ቦታ ሁሉ ጥያቄ የወጣበትና ምንም ያልተተካበት ነው።

በሁለተኛው አጋማሽ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል። ጥያቄዎቹ በሙሉ «ገመዱስ ከምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል»፣ «ታንኳው ስንት ጊዜ ይቆያል ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል» እየተባሉ በአባታችን አፍ ገብተዋል። ይህ ጠያቂውን አያወጣም፤ ልብስ ቀይሮ እንዲመለስ ያደርገዋል። በ8 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ያውም ርእሱ በሚዞርበት ቦታ ቢሆን እንቀበለው ነበር።

አባታችን በእጃቸው እያሳዩ የተናገሩትም ቦታ አለ፦ «እንዲህ አድርገህ ታጥፈዋለህ፣ ከዚያ እዚህ ጋ ታጠብቀዋለህ።» በመጽሔቱ ላይ አጠገቡ ፎቶ ስለነበረ ችግር አልነበረበትም። ሬዲዮ ላይ «እንዲህ» እና «እዚህ ጋ» ባዶ ናቸው። ጸሐፊያችሁ ባዶነቱን አይቶ «ሁለቱን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ» የሚል ከራሱ ጨምሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ደውሎ ባለሙያውን መጠየቅ፣ ወይ ዓረፍተ ነገሩን ማውጣት። በግምት መሙላት በውሉ የተከለከለ ነው። ለእኛ ብትደውሉልን እንኳ አባታችንን በዚያው ቀን እናገናኛችሁ ነበር። በቅንፍ የተጻፈው «ይስቃሉ» የሚለው ማስታወሻም ሳይወጣ ቀርቶ አንባቢው አንብቦታል፤ «ታንኳዬ ሰጥማብኝ አታውቅም፣ ይስቃሉ» ተብሎ ሲሰማ ሌሎች ሰዎች በአባታችን የሚስቁባቸው ይመስላል።

የነገሩን ቅደም ተከተል በተመለከተ፣ ቃለ መጠይቅ ጠያቂው ባሰበው መንገድ ይሄዳል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል። በመጽሔቱ ላይ ታንኳው ሐይቅ የገባው በአራተኛው ጥያቄ ነው፤ የደንገሉ አጨዳ የተነሳው በዘጠነኛው ነው። አንባቢ ገጹን ወደ ኋላ ሊገልጥ ይችላል፤ አድማጭ አይችልም። ስለዚህ መልሶቹ በሥራው ሂደት መደርደር ነበረባቸው፦ አጨዳ፣ ማድረቅ፣ ማሠር፣ ወደ ውሃ ማስገባት፣ ከዚያ ከውሃ አውጥቶ መልሶ ማድረቅ። እናንተ የመጽሔቱን ቅደም ተከተል እንዳለ ትታችሁታል። መልሶች ቦታ ሲቀይሩ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ሲመጡ «ስለዚህ» ወይም «በዚህም ምክንያት» ብሎ ማያያዝ ያጓጓል። እሳቸው ምክንያትና ውጤት አድርገው ካልተናገሩት «ከዚያ» ወይም «ደግሞ» ይበቃል።

ንግግሩ ለምን እንደተጣደፈም ማየት ይቻላል። የቀረጻ ጽሑፋችሁ 1180 ቃል ነው። ይህን በ8 ደቂቃ ለማድረስ አንባቢው በደቂቃ ወደ 147 ቃል መሮጥ ነበረበት። አማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድ ግሥ ይሸከማል። አንድ አዛውንት ረጋ ብለው እንደሚናገሩ ሆኖ ሲነበብ በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቃል ይበቃል። መግቢያውና ትንፋሽ መውሰጃው ሲቀነስ ለ8 ደቂቃ 700 ቃል ያህል ይቀራል። መቀነስ ያለበት አንድ ሙሉ ርእስ ነው፤ ስለ ዓሣ ገበያ ዋጋ የተባለው ከታንኳው ሥራ ስለሚርቅ በሙሉ ቢወጣ አንከፋም። እናንተ ግን ርእሶቹን ሁሉ አስቀርታችሁ ከየመልሱ ጫፍ ጫፉን ቆርጣችኋል። ስለ እርሻው የተባለው የጠፋውም በዚሁ ይመስለናል።

ጥድፊያው ንባቡንም ጎድቶታል። «አምባዛ ጭቃ ውስጥ ይበላል» የሚለው «በ»ና «ለ» ጠብቀው ስለተነበቡ ዓሣው የሚበላ ሳይሆን የሚበሉት ሆኗል። ፊደላችን በተለመደው አጻጻፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ እንዲህ ያለ አሻሚ ቃል በአንባቢው ቅጂ ላይ አስቀድሞ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል።

በመጨረሻም፣ ንግግሩ በሌላ ሰው ድምፅ በ«እኔ» የሚቀርብ ሆኖ ሳለ ይህ የትም ቦታ አልተነገረም። አድማጭ የሚሰማው የአባታችንን ድምፅ ይመስለዋል። በመግቢያውና በመዝጊያው ላይ ቃሉ ከታተመ ቃለ መጠይቅ የተወሰደ መሆኑ፣ ድምፁም የአንባቢ መሆኑ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት። ጽሑፉም ከመቀረጹ በፊት ለእሳቸው ተነብቦላቸው «አዎ፣ ይህን ብያለሁ» ሊሉበት ይገባል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። አሁን ያለው ቅጂ ለማንም ጣቢያ እንዳይሰጥ፣ የተሰጠም ካለ በጽሑፍ እንዲሰበሰብ፤ አዲሱ የቀረጻ ጽሑፍ ከ700 ቃል ሳይበልጥ ተዘጋጅቶ፣ እያንዳንዱ አንቀጽ ከመጽሔቱ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ በኅዳጉ ቁጥሩ ተጽፎበት፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲላክልን፤ እኛ ለአባታችን አንብበንላቸው ከተስማሙ በኋላ ቀረጻው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደገም። አንባቢው እንዲለወጥ አንጠይቅም፤ እሱ እንዲቀጥል እንፈልጋለን። ቀሪው ግማሽ ክፍያ የሚፈጸመው አዲሱን ቅጂ ተረክበን ስንፈርም ነው። በተባለው ጊዜ ምላሽ ካልደረሰን ውሉን አፍርሰን ቀብዱ እንዲመለስልን የምንጠይቅ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሠላምታ ጋር

የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል

አባሪ፦ የታተመው ቃለ መጠይቅ፣ የስቱዲዮው የቀረጻ ጽሑፍ፣ ልዩነቱ የተሰመረበት ቅጂ